«ፈርሚ አሉኝ፤ ምን ላይ ነው የምፈርመው?»

ዛሬ ስለ አንድ ወረቀት እናወራለን። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ሥራ ላይ ሆናችሁ ስልክ ይደወላል እንበል። እናታችሁ ናቸው፤ ከእብናት። «ዓይኔን ሊሠሩኝ ነው፤ ፀጉሩ እየወጋኝ አልቻልኩም። ግን ፈርሚ አሉኝ። ብሞት እንዳይጠየቁ ነው እንዴ?» ይሏችኋል። ምን ትመልሳላችሁ?

እብናትና አካባቢው፣ በአጠቃላይ ደቡብ ጎንደር፣ ትራኮማ ለረጅም ዘመን የቆየበት አገር ነው። በልጅነት ደጋግሞ የያዘ ትራኮማ የዓይን ቆብን ከውስጥ በኩል ያጠባብሰዋል። ጠባሳው ሲኮማተር ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይዞርና በእያንዳንዱ ጥቅሻ ዓይንን ይፍቃል። በሕክምና ስሙ ትራኪያሲስ ይባላል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሠራ አጭር ቀዶ ሕክምና ነው። ከዚያ በፊት ግን የስምምነት ቅጽ አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 ታካሚው ስለ ሕክምናው ተነግሮት እንዲስማማ አዝዟል። ስለዚህ ወረቀቱ መኖሩ ትክክል ነው። ችግሩ ያለው አጻጻፉ ላይ ነው። በየቦታው የምናየው ዓይነት ይሄን ይመስላል፦

«እኔ ስሜ ከላይ የተገለጸው ታካሚ በትራኮማ ምክንያት ለተከሰተብኝ የትራኪያሲስ ችግር የሚሰጠኝ የቀዶ ሕክምና አገልግሎት ምንነትና ጠቀሜታ፣ በሂደቱ ሊያጋጥሙ የሚችሉ ውስብስብ ችግሮች እንዲሁም ያሉት አማራጮች በሚገባኝ ቋንቋ ተገልጾልኝ በሙሉ ፈቃደኝነት የተስማማሁ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።»

ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ከሠላሳ በላይ ቃል ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በአማርኛ ዋናው ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ የሚያዳምጠው ሰው ያን ሁሉ ቃል ተሸክሞ «አረጋግጣለሁ» እስኪባል ይጠብቃል። ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ መልሶ የሚያይበት መስመር የለውም፤ አንዴ ካመለጠው አመለጠው።

ከርዝመቱ የባሰው ግን ሌላ ነው። ቅጹ «ተነግሮኛል» ይላል እንጂ ራሱ ምንም አይናገርም። መርፌ አለ? መቁረጥ አለ? ስፌት አለ? ዓይኔ ይበራል? አንዱም የለም። እንዲህ ያለውን ወረቀት ቃል በቃል ማቅለል ዋጋ የለውም፤ የሚቀል ነገር ውስጡ የለምና። መጀመሪያ ይዘቱ መጻፍ አለበት።

እስቲ አብረን እንጻፈው፦

«ሽፋሽፍትዎ ወደ ውስጥ ዞሮ ዓይንዎን እየወጋው ነው። ለዚህ ሥራ የሠለጠነ ባለሙያ የዓይንዎን ቆብ ቆርጦ፣ ፀጉሩ ወደ ውጭ እንዲዞር አድርጎ ይሰፋዋል። አስቀድሞ ቆቡን በመርፌ ያደነዝዘዋል። መርፌው ሲገባ ያማል። ከዚያ በኋላ ሲነካኩዎት ይሰማዎታል፤ ሕመም ግን ሊሰማዎት አይገባም። ካመመዎት ይናገሩ፤ መድኃኒት ይጨመርልዎታል። አይተኙም።

ከተሠራልዎት በኋላ መውጋቱ ይቀንሳል ወይም ይቆማል። የጠፋ ብርሃን ግን በዚህ አይመለስም።

ዓይንዎ ለጥቂት ቀናት ሊያብጥ፣ ሊደማ ይችላል። አንዳንድ ሰው ላይ ቁስሉ ይመግላል። ከተሠሩ አሥር ሰዎች የአንዱ ወይም የሁለቱ ፀጉር በዓመቱ ተመልሶ ይወጋል፤ ያኔ እንደገና መምጣት ያስፈልጋል።

መሠራት ካልፈለጉ ፀጉሩን ማስነቀል ይቻላል። ተመልሶ ስለሚበቅል ግን በየጊዜው መነቀል አለበት። ዛሬ እምቢ ቢሉ ማንም አይቆጣዎትም። ሌላ ቀን መጥተው መሠራት ይችላሉ፤ ሌላ ሕክምናም አይከለከሉም።»

ረዘመ አይደል? አዎ፣ ረዝሟል። «ቀላል አማርኛ» ሲባል አጭር አማርኛ ማለት አይደለም።

አሁን ጥቂት ምርጫዎችን ላስረዳ። «ማደንዘዣ ይሰጥዎታል» ብዬ ያልተውኩት፣ ብዙ እናቶች ማደንዘዣ ሲባል ራስን ስቶ መተኛትና አለመንቃትን ስለሚያስቡ ነው። ፍርሃታቸው ከዚያ ይጀምራል። «ሐኪም» ያላልኩት ደግሞ ይህን ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ የሚሠሩት የሠለጠኑ ነርሶች ስለሆኑ ነው። «እርስዎ» ማለቱ ለአክብሮት ብቻ አይደለም፤ «አንተ/ቺ» እየተባለ በእዝባር የሚቆራረጠውን ጽሑፍ ይገላግለናል፤ ጮክ ብሎ ለሚያነበውም ይቀለዋል።

ቁጥሩ ከየት መጣ? እዚሁ አማራ ክልል 1,000 ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት፣ ሁለት ዓይነት የቆብ ቀዶ ሕክምናዎች ተነጻጽረው ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ በአንደኛው 13 ከመቶ፣ በሌላው 22 ከመቶ በሚሆኑት ታካሚዎች ላይ ፀጉሩ ተመልሷል። «ከመቶ» የሚለው ለእኔና ለእናንተ ግልጽ ነው፤ መስክ ላይ ግን «ከአሥር ሰው» ይሻላል፣ በጣት ይቆጠራልና። ያለ ቁጥር «አልፎ አልፎ ሊመለስ ይችላል» ማለት እውነቱን ማሳነስ ነው። ያልተነገራት እናት ፀጉሩ ሲመለስ «አበላሹኝ» ትላለች፤ ጎረቤቷም ሰምታ ትቀራለች።

አማራጩም ቢሆን በሐቅ ይጻፍ። ገጠር ቤት ውስጥ ወረንጦ የተለመደ ነው። የሚወጋው ፀጉር ጥቂት፣ ማለትም ከስድስት በታች ሲሆን፣ በሠለጠነ ሰውና በጥሩ ወረንጦ መንቀል እንደ አማራጭ ተጠንቷል። ብዙ ፀጉር ለሚወጋው ሰው ግን ቀዶ ሕክምናው ይመከራል። ፀጉሩ ሳይነቀል ከተሰበረ ደግሞ ጉቶው የበለጠ ይፍቃል።

ቅጹ መሥራቱ እንዴት ይታወቃል? ብዙ ጊዜ የሚደረገው አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ተርጉሞ ማመሳከር ነው። ይሄ ትርጉሙ መጽደቁን ያሳያል እንጂ ሰው መረዳቱን አያሳይም። ያ ከላይ ያየነው ረጅም ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ እንከን አይወጣለትም! «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅም አይረዳም፤ አገራችን ሰው ባለሙያ ፊት «አዎ፣ እናንተ ታውቃላችሁ» ይላል። የሚሻለው «እናቴ፣ ቤት ሲመለሱ ልጅዎ ምን ሊያደርጉሽ ነው ቢልዎት ምን ይሉታል?» ማለት ነው። «ዓይኔ ሊበራልኝ ነው» ካሉ፣ ያጠፋው ቅጹ ወይም አንባቢው ነው። ያ ክፍል በሌላ ቃል ይነገራል፤ እንደገናም ይጠየቃሉ። ብዙ ሰው እዚያው ቦታ ላይ ከተሳሳተ የሚለወጠው ዓረፍተ ነገሩ ነው።

ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ ቅጹ ጮክ ተብሎ ይነበባል። የጤና ተቋሙ ሠራተኛ ያልሆነ፣ የሚያምኑት እማኝ ቢያዳምጥ ጥሩ ነው። የጣት አሻራው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ስልኩ እንመለስ። «እማዬ፣ ፊርማው የሞት ውል አይደለም፤ ነገሩን ሰምቼ ተስማምቻለሁ ማለት ነው። ባለሙያው ቢያጠፋ ከመጠየቅ አያድነውም» በሏቸው። ከዚያ ስልኩን ለባለሙያው እንዲሰጡት ጠይቁና፣ እናታችሁ እየሰሙ አራት ነገር ይንገራችሁ፦ ምን ሊሠራላቸው እንደሆነ፣ ምን እንደማይመለስላቸው፣ ምን ሊያጋጥማቸው እንደሚችል፣ ባይሠሩስ ምን እንደሚሆን። ስልኩ ተመልሶ እጃቸው ሲገባ «እስኪ አሁን አንቺ ንገሪኝ» በሏቸው።