ሁለት አካላት በሁለት ሞላዎች፦ ስለ ንዝረት ቅርጾች የሚታመነውና እውነታው

አንድ ሞላ በአንድ ጫፉ ከግድግዳ ጋር፣ በሌላው ጫፉ 2 ኪሎ ግራም ከሚመዝን አካል ጋር ተያይዞ፣ ከዚህ አካል ደግሞ ሁለተኛ ሞላ ተነሥቶ 1 ኪሎ ግራም በሚመዝን አካል ቢያልቅና ሁሉም ሰበቃ በሌለው ወለል ላይ በአንድ መስመር ብቻ ቢንቀሳቀሱ፣ ስለ ንዝረት የሚነገሩትን አብዛኞቹን የተሳሳቱ እምነቶች ለመመርመር የሚበቃ ሥርዓት ይገኛል። ሁለቱም ሞላዎች በ1 ሜትር ለመሳብ 100 ኒውተን ኃይል የሚጠይቁ እንደሆኑ ይታሰብ። የአካላቱ መጠነ ቁስ በአንድ ማትሪክስ M፣ የሞላዎቹ ግትርነት ደግሞ በሌላ ማትሪክስ K ይጻፋል፦

M = [2, 0; 0, 1]
K = [200, −100; −100, 100]

በK ውስጥ 200 የተገኘው ትልቁ አካል በሁለቱም ሞላዎች ስለሚያዝ ሲሆን፣ −100 ደግሞ መካከለኛው ሞላ የአንዱን መፈናቀል ለሌላው የሚያስተላልፍበት መጠን ነው። ሁለቱ አካላት በአንድ ድግግሞሽ፣ የመፈናቀላቸውን ውድር ጠብቀው የሚወዛወዙበት አኳኋን የንዝረት ቅርጽ ይባላል፤ የኒውተን ሕግም ለዚህ አኳኋን ወደሚከተለው እኩልታ ይጠቃለላል፦

Kφ = λMφ

φ የቅርጹ ቬክተር ነው፤ λ ደግሞ በራዲያን በሰከንድ የሚለካው የድግግሞሽ ω ዳግም ርቢ ነው። በቀኝ በኩል M ስላለ እኩልታው ከተራው የአይገን ዋጋ ጥያቄ ይለያል፤ አጠቃላይ የአይገን ዋጋ ጥያቄ የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከታች የሚነሡት ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት M እንደሌለ ወይም በቀላሉ ከመንገድ ሊገለል እንደሚችል ከመቁጠር ነው።

ተረት፦ እያንዳንዱ አካል የራሱ ድግግሞሽ አለው፤ የሥርዓቱ ድግግሞሾችም የእነዚህ ስብስብ ናቸው።

ትንሹ አካል በእጅ ተይዞ ትልቁ ብቻ ቢለቀቅ፣ 2 ኪሎ ግራሙ በ200 ኒውተን በሜትር ግትርነት ስለሚያዝ λ = 100፣ ማለትም ω = 10 ይሆናል። ትልቁ ተይዞ ትንሹ ቢለቀቅም 100 ለ1 ተካፍሎ እንደገና ω = 10 ይወጣል። ስለዚህ ተረቱ እውነት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ሲለቀቁ በ10 ይወዛወዙ ነበር። የK − λM ዲተርሚናንት ከዜሮ ጋር ሲስተካከል ግን 2(100 − λ)² = 10000 ይገኛል፤ ከዚህም λ አንድ ጊዜ 29.29፣ ሌላ ጊዜ 170.71 ይሆናል። ዳግም ዘራቸው 5.41 እና 13.07 ራዲያን በሰከንድ፣ ለ2π ሲካፈልም 0.86 እና 2.08 ኸርዝ ነው፤ 10 ከሁለቱ አንዱም አይደለም። በዝቅተኛው ቅርጽ ትንሹ አካል 1 ሲፈናቀል ትልቁ በዚያው አቅጣጫ 0.707 ስለሚሄድ መካከለኛው ሞላ የሚለጠጠው 0.293 ብቻ ነው፤ በከፍተኛው ቅርጽ ግን አካላቱ በተቃራኒ ስለሚሄዱ ያው ሞላ 1.707 ይለጠጣል፤ የድግግሞሾቹ ልዩነት ከዚህ ይመጣል። አንዱን አካል መያዝ ሥርዓቱን ስለሚያጠብቀው፣ በዚህ መንገድ የሚገኘው ድግግሞሽ ሁልጊዜ በሁለቱ መካከል ይወድቃል እንጂ ከእነርሱ አንዱን አይተካም።

ተረት፦ የንዝረት ቅርጾች እርስ በርሳቸው ቀጤ ነክ ናቸው።

ይህ እምነት ግማሽ እውነት ስለያዘ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስት ነው። ሁለቱ ቅርጾች (0.707, 1) እና (−0.707, 1) ሲሆኑ ተራው ነጥባዊ ብዜታቸው −0.5 + 1 = 0.5 ነው፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ ቢሣሉ ቀጤ ነክ አይሆኑም። የእያንዳንዱ አካል ድርሻ በመጠነ ቁሱ ሲባዛ ግን 2 × (−0.5) + 1 × 1 = 0 ይሆናል። ቀጤ ነክነቱ በM በሚለካ ብዜት እንጂ በተራው ብዜት አይደለም፤ ተራው ብዜት ለዚህ የሚበቃው ሁሉም አካላት እኩል መጠነ ቁስ ሲኖራቸው ነው፤ ብዙ የመማሪያ ምሳሌዎችም እኩል አካላትን ስለሚመርጡ ስሕተቱ ሳይታወቅ ይቆያል። በK ሲለካም ውጤቱ ዜሮ ነው፤ ምክንያቱም Kφ የMφ ብዜት ነው።

ተረት፦ በM ግልባጭ ማባዛት ጥያቄውን ያለ ኪሳራ ወደ ተራው ይመልሰዋል።

የM ግልባጭ በK ሲባዛ [100, −50; −100, 100] ይገኛል። የአይገን ዋጋዎቹ ትክክል ናቸው፤ ሲሜትሪው ግን ጠፍቷል፤ −50 እና −100 እኩል አይደሉምና። ጉዳቱ በኮምፒውተር ላይ ጎልቶ ይታያል። በፓይተን `eigh` የተባለው ትእዛዝ ለሲሜትሪያዊ ማትሪክስ የተዘጋጀ ስለሆነ የሚያነበው ታችኛውን ግማሽ ብቻ ነው፤ ይህ ማትሪክስ ሲሰጠው −50ን ሳያይ 0 እና 200 የሚሉ ዋጋዎችን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ዜሮ ዋጋ ሥርዓቱ ከምንም ነገር ጋር ሳይታሰር እንዲሁ ሊንሸራተት ይችላል ማለት ስለሆነ፣ ከግድግዳ ጋር በሞላ ለተያያዘ ሥርዓት ሊሆን የማይችል መልስ ነው፤ አስተዋይ ሰው ስሕተቱን የሚይዘውም እዚህ ላይ ነው። ትክክለኛው መንገድ ሁለቱንም ማትሪክሶች መስጠት ነው፦

```
from scipy.linalg import eigh
lam, V = eigh(K, M)
```

ትእዛዙ M ሲሰጠው በውስጡ የሾሌስኪ ክፍፍልን ተጠቅሞ K-ን ወደ [100, −70.71; −70.71, 100] ይለውጣል፤ ይህም ሲሜትሪውንም ዋጋዎቹንም የጠበቀ ነው። ውጤቱን ለመፈተሽ `V.T @ M @ V` ማስላት ይበቃል፤ በሰያፉ 1፣ በሌላው ቦታ ዜሮ መውጣት አለበት።

ተረት፦ ሥርዓቱ ሲለቀቅ ኢነርጂ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ይተላለፋል።

ትልቁ አካል በቦታው ተይዞ ትንሹ 2 ሴንቲ ሜትር ተስቦ ሁለቱም አንድ ላይ ቢለቀቁ፣ መነሻው (0, 2) የሁለቱ ቅርጾች ቀጥተኛ ድምር ነው፤ እያንዳንዱ ቅርጽም እኩል ስፋት ይዞ ይጀምራል። ኢነርጂው ግን በλ መጠን ስለሚከፋፈል 85 በመቶው በፈጣኑ ቅርጽ ላይ ይሆናል፤ ሰበቃ እስከሌለ ድረስም እዚያው ይኖራል። ከአንድ አካል ወደ ሌላው ሲሄድና ሲመለስ የሚታየው ኢነርጂ የሁለቱ ቅርጾች መደራረብ ውጤት እንጂ በቅርጾቹ መካከል የሚደረግ ልውውጥ አይደለም። የድግግሞሾቹ ውድር 1 + √2፣ ማለትም ኢ-ንጥጥር ቁጥር ስለሆነ፣ እንቅስቃሴው ምንም ያህል ቢቆይ መነሻውን በትክክል አይደግምም።

ሰበቃ ሲገባ ግን ይህ መለያየት ሁልጊዜ አይጠበቅም። ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1877 መታተም በጀመረው የድምፅ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፉ እንዳመለከተው፣ የንዝረት ማብረጃው ማትሪክስ እያንዳንዳቸው በቁጥር የተባዙ የM እና የK ድምር ሆኖ ሊጻፍ ከቻለ ቅርጾቹ ሳይለወጡ እየደከሙ ይሄዳሉ። ንዝረት የሚያበርድ መሣሪያ በትንሹ አካል ላይ ብቻ ቢገጠም ግን፣ ሁለቱ ቅርጾች በዚያ ማትሪክስ ሲለኩ ብዜታቸው ዜሮ ስለማይሆን አንዱ ሲበርድ ሌላውን ይነካል፤ ያን ጊዜ ከላይ የተሰሉት ቅርጾች ግምት እንጂ ትክክለኛ መልስ አይሆኑም።