ለማከፋፈያ ትራንስፎርመር የሚሆን የከፍተኛ ቮልቴጅ ፊውዝ አመራረጥ

በምሰሶ ላይ በተሰቀለ ማከፋፈያ ትራንስፎርመር አናት ላይ ሦስት ፊውዞች ይታያሉ፤ ለእያንዳንዱ ፌዝ አንድ አንድ። በኢትዮጵያ እነዚህ ፊውዞች የሚቀመጡት በአብዛኛው በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ነው። በየቱቦው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ተወጥሯል። ሽቦው ሲቀልጥ የሚፈጠረው ቅስት የቱቦውን ውስጠኛ ሽፋን ያቃጥላል፤ ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ቅስቱን ያጠፋዋል፤ ቱቦውም ከላይ ተላቆ ወደ ታች ይንጠለጠላል። የቆመ ሰው ከመሬት ሆኖ የትኛው ፌዝ እንደተቃጠለ ማየት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የፊውዙ ዋና ሥራ ትራንስፎርመሩን ከመጠን በላይ ከሆነ ጭነት መጠበቅ አይደለም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሥራው በትራንስፎርመሩ ውስጥ ወይም በመውጫው ላይ ከባድ ሾርት ሲፈጠር ትራንስፎርመሩን ከዋናው መስመር ነጥሎ ማውጣት ነው። ያ ካልሆነ የማከፋፈያ ጣቢያው ብሬከር ይወርድና በዚያ መስመር የሚጠቀም ሰፈር ሁሉ ይጨልማል። ጭነትን መቆጣጠር የዝቅተኛው ቮልቴጅ ብሬከር ድርሻ ነው።

ምርጫው እንዴት እንደሚሠራ አንድ ትራንስፎርመር ወስዶ ማስላት ይሻላል። አቅሙ 315 ኪሎ ቮልት አምፔር፣ ቮልቴጁ ከ15 ኪሎ ቮልት ወደ 400 ቮልት፣ ኢምፒዳንሱ 4 በመቶ ይሁን። በሙሉ ጭነት በከፍተኛው ወገን 12 አምፔር፣ በዝቅተኛው ወገን 455 አምፔር ገደማ ይፈሳል። በዝቅተኛው ወገን የሚታየው 37.5 አምፔር በከፍተኛው ወገን 1 አምፔር ሆኖ ይታያል ማለት ነው።

ለ12 አምፔር የ12 አምፔር ፊውዝ የሚበቃ ይመስላል። ግን ትራንስፎርመሩ መብራት ሄዶ ሲመለስ የብረት እምብርቱ መግነጢስ እስኪረጋጋ ድረስ ለአጭር ጊዜ ብዙ ጅረት ይስባል። በተለመደው ስሌት ይህ ለ0.1 ሰከንድ ከሙሉ ጭነት 12 እጥፍ፣ እዚህ ላይ ወደ 145 አምፔር፣ ተደርጎ ይታሰባል። ፈጣን የሆነው የኬ ዓይነት ፊውዝ ቁጥሩ 12 ሲሆን በ0.1 ሰከንድ ውስጥ የሚቀልጠው ከ166 አምፔር ጀምሮ ነው። አይቀልጥም፤ ነገር ግን በጣም ይቀራረባል። ፊውዝ ከመቅለጫው ሦስት አራተኛ በላይ ከተጠጋ ሽቦው ሳይበጠስ ይጎዳል፤ መብራት በተደጋጋሚ በሚሄድበት ቦታ ደግሞ ጉዳቱ እየተጠራቀመ አንድ ቀን ያለ ምንም ብልሽት ይበጠሳል። ትራንስፎርመሩ ደህና ሆኖ መብራት በተመለሰ ቁጥር ፊውዝ የሚቃጠል ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፊውዙ ማነስ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ 15 የሆነው (በ0.1 ሰከንድ 215 አምፔር) ወይም 20 የሆነው (273 አምፔር) ያስፈልጋል።

ከላይ በኩል ያለውን ወሰን የሚያስቀምጠው ሾርቱ ነው። በዝቅተኛው ቮልቴጅ መውጫ ላይ ሦስቱ ፌዞች ቢነካኩ በዚያ ወገን ወደ 11,400 አምፔር፣ በከፍተኛው ወገን 303 አምፔር ይፈሳል። ባለ 20ው ፊውዝ ይህን ከ0.1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መቅለጥ ይጀምርበታል። አስቸጋሪው ግን አንድ ፌዝ ብቻ ከኒውትራል ጋር ሲገናኝ ነው። በከፍተኛው ወገን በዴልታ፣ በዝቅተኛው በስታር በተጠመጠመ ትራንስፎርመር ውስጥ የተጎዳው ጥምጥም ሙሉውን ሾርት ይሸከማል፤ በፊውዞቹ የሚያልፈው ግን 58 በመቶው፣ ወደ 175 አምፔር፣ ብቻ ነው። ባለ 20ው ይህንንም ከ1 ሰከንድ በታች ይቆርጠዋል። «እንዳያስቸግር» ተብሎ ባለ 40 ቢገባ ግን ሰከንዶች ሊወስድበት ይችላል፤ ትራንስፎርመሮች ደግሞ ለሾርት ሙቀት የሚሠሩት በተለምዶ ለ2 ሰከንድ እንዲችሉ ሆነው ነው።

የቀረው ከብሬከሩ ጋር ማስማማት ነው፤ የምርጫው ከባድ ክፍልም ይኸው ነው። ደንቡ ከብሬከሩ በታች ለሚፈጠር ብልሽት ብሬከሩ ቀድሞ መውረድ አለበት የሚል ነው። ብሬከር ተመልሶ ይነሳል፤ ፊውዝ ግን ሠራተኛ ምሰሶ ላይ መውጣት ይጠይቃል። ባለ 20ው ፊውዝ 39 አምፔርን 300 ሰከንድ ያህል ይችላል፤ 48 አምፔር ላይ ግን በ10 ሰከንድ ውስጥ መቅለጥ ሊጀምር ይችላል። 39 አምፔር በብሬከሩ ወገን 1,460፣ 48 አምፔር ደግሞ 1,800 ይሆናል። የብሬከሩ የሙቀት ክፍል በ455 አምፔር ላይ ቢስተካከልም፣ በ1,800 አምፔር ለመውረድ ከ10 ሰከንድ በላይ ሊዘገይ ይችላል። ፈጣኑ ክፍል እንደተለመደው ወደ 4,000 አምፔር ተሰቅሎ ከተተወ፣ በመካከል ብሬከሩ ሳይነቃ ፊውዙ የሚበጠስበት ክፍተት ይፈጠራል።

መፍትሔው ፊውዙን ማሳደግ ሳይሆን ብሬከሩን ማስተካከል ነው። ማስተካከያው ኤሌክትሮኒክ ከሆነ የአጭር ጊዜ ክፍሉ ከሙሉ ጭነት 3 እጥፍ፣ ወደ 1,400 አምፔር፣ ላይ በ0.1 ሰከንድ መዘግየት ይደረጋል፤ ከ5,000 አምፔር በላይ ሲሆን ደግሞ ያለ መዘግየት እንዲወርድ ይደረጋል። ይህ ሁለተኛው አይቀሬ ነው፤ በ303 አምፔር ፊውዙ ከ0.1 ሰከንድ በፊት ስለሚቀልጥ፣ የሚዘገይ ብሬከር ሊቀድመው አይችልም። ሁለት ፌዞች ብቻ ሲነካኩ ብሬከሩ የሦስት ፌዙን ሾርት 87 በመቶ ሲያይ ከፊውዞቹ አንዱ ሙሉውን 303 ስለሚያይ፣ ሁለቱ በሚነጻጸሩበት ጊዜ ይህ ልዩነት መታሰብ አለበት።

ብሬከሩ ዝቅ ተደርጎ መስተካከሉ ሌላም ጥቅም አለው። በረጅም የሰፈር መስመር ጫፍ ላይ አንድ ፌዝ ከኒውትራል ጋር ተገናኝቶ 1,000 አምፔር ብቻ ቢፈስ፣ በፊውዞቹ የሚያልፈው 15 አምፔር ነው። ባለ 20ው ፊውዝ ይህን ሲሸከም ሊውል ይችላል። እንዲህ ያለውን ብልሽት የሚያይ ብሬከሩ፣ ወይም በየመውጫው ያለ ፊውዝ ብቻ ነው።

እስካሁን የተነገረው ለተንጠልጣዩ ዓይነት ነው። በሕንፃ ውስጥ ባሉ ካቢኔቶች የሚገኘው በአሸዋ የተሞላ ፊውዝ በሌላ ስሌት ይመረጣል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ትልቅ ሾርትን በሚያስደንቅ ፍጥነት ይቆርጣሉ፤ ከተወሰነ ዝቅተኛ ጅረት በታች ግን ሽቦው ቢቀልጥም ቅስቱን ማጥፋት ስለማይችሉ ሊፈነዱ ይችላሉ። ስለዚህ በጫፋቸው ያለው መምቻ ዘንግ ሦስቱንም ፌዝ የሚከፍት ማብሪያ ማጥፊያ ጋር ይያያዛል።

ፊውዝ ሲበጠስ የሚተካው በዓይነቱም በቁጥሩም በተመሳሳይ ነው። አንድ ሽቦ ከባድ ሾርት አይቶ ሲበጠስ ሌሎቹም ግማሽ መንገድ ሄደው ሊሆን ስለሚችል ሦስቱንም አንድ ላይ መቀየር ይገባል። የመዳብ ሽቦ ቱቦው ውስጥ መጠምጠም ደግሞ በምንም ምክንያት መደረግ የለበትም፤ በቀጣዩ ሾርት ትራንስፎርመሩን ያስበላል።