ጠጉርን የሚያለሰልስ ቅባት በራስ ቆዳ ላይ ስለሚያደርሰው ቃጠሎ

በበዓል ሰሞን በአዳማና በአካባቢዋ ከተሞች የጠጉር ሥራ ቤቶች በደንበኛ ይሞላሉ። ከገና እስከ ጥምቀት፣ ማለትም ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 ቀን ያለው ጊዜ ግን 12 ቀን ብቻ ነው። ለገና ሪላክሰር የተቀባች ሴት ለጥምቀት ብትደግም ምን እንደሚደርስባት ቀጥለን እንገልጻለን።

አብዛኛው ሪላክሰር ብርቱ አልካሊ ነው፤ የታወቀው ዓይነት የሚሠራው ኮስቲክ ሶዳ በምንለው ነገር ነው። የጠጉርን ውስጣዊ ማሰሪያ ፈትቶ ያቃናዋል፤ ጠጉርም ሆነ የቆዳ የላይኛው ሽፋን ከአንድ ዓይነት ፕሮቲን የተሠሩ ስለ ሆኑ ቆዳውንም ይበላል። ሶዳ የለበትም ተብሎ የሚሸጠውም በሌላ አልካሊ የሚሠራ ስለ ሆነ ማቃጠሉ አይቀርም።

ጠጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። እንግዲህ በ12 ቀን የሚበቅለው 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር ሥር ላይ ብቻ መቀባት ስለማይቻል ቅባቱ አስቀድሞ በለሰለሰው ላይ ያርፋል፤ ያም ሁለተኛ ጊዜ ሲነካ ይበጠሳል። በማበጠሪያ ላይ የሚቀረው ጠጉር ጫፉ ነጭ ሥር ያለው ከሆነ በተፈጥሮ የረገፈ ነው፤ አጭርና ሥር የሌለው ቁራጭ ከበዛ ግን ተሰብሯል ማለት ነው። ስለዚህ ከ8 እስከ 12 ሳምንት መጠበቅ ይገባል። መስከረም 1 ቀን የተቀባች ሴት ከኅዳር 11 በፊት አትድገም፤ ያን ጊዜም የሚቀባው አዲስ የበቀለው ብቻ ነው።

ቆዳው የሚቃጠለው ይበልጡን ቀድሞ ሲቆስል ነው። በቆላው ሙቀት ላብ ያሳክካል፣ ሹሩባ ሲፈታም ራስ ይታከካል፤ ቅባቱም በጭረቱ ይገባል። ከመቀባት በፊት 2 ወይም 3 ቀን ራስን አለመታጠብና አለማከክ ያሻል፤ ቁስል ካለ ቀጠሮው ይተላለፍ። ውሃ በተቋረጠበት ቀንም ፈጽሞ አይቀባ።

«እስኪይዝ ትንሽ ታገሺ» የሚለው የጠጉር ሠሪዎች ምክር ጎጂ ነው። ማቃጠል እንደ ጀመረ ሰዓቱ ባይደርስም ቅባቱን ማስወገድ፣ 20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያም ከሪላክሰሩ ጋር በሚመጣው ማርከሻ ሻምፑ መታጠብ ነው። ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም ቅቤ በቃጠሎው ላይ አይደረግ። ዓይን ከነካ ወዲያው እያጠቡ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

የቆሰለ ራስ እስኪድን ካስክ፣ ፓይስትራና ጠበቅ ያለ ሹሩባ ይቅር። ቅርፊቱ አይላጥ፤ በራሱ ይረግፋል። የተሰበረው ጠጉር ተመልሶ ስለማይጋጠም ጫፉን መቁረጥ ይሻላል። ቆዳው ከዳነ በኋላም ሌላ ሪላክሰር ከመቀባት ቢያንስ 2 ወይም 3 ወር መቆየት ይገባል። መግል፣ ትኩሳት ወይም ከጆሮ ኋላ እብጠት ከታየ ሐኪም ይየው። ከወራት በኋላ የሚያብለጨልጭና ለስላሳ ሆኖ ጠጉር ያላበቀለ ቦታ ቢቀር ጠባሳ የጠጉሩን ሥር አጥፍቶት ሊሆን ስለሚችል የቆዳ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል፤ በዚያ ቦታ ላይም ዳግመኛ ሪላክሰር መቀባት አይፈቀድም።