ፊደል የሚቆጥሩ ሕፃናትን ጆሮ ስለ መመርመር

በጋይንት ገጠር አንድ የሰባት ዓመት ሕፃን የፊደል ገበታውን በጉልበቱ ላይ አኑሮ «ረ ሩ ሪ ራ ሬ ር ሮ» እያለ በዜማ ሲቆጥር የሰማ ሰው፤ ይህ ልጅ ፊደል ለይቷል ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ጣታችንን በመካከል ባለችው በ«ሬ» ላይ ብናሳርፍና ይህች ማን ናት ብለን ብንጠይቀው፤ ልጁ ከ«ረ» ተነሥቶ በዜማው እየወረደ ካልደረሰባት በቀር ለመመለስ የሚያቅተው ጊዜ ብዙ ነው። የቆጠረው አፉ እንጂ ዓይኑ አይደለምና። በቤተ ክህነት ትምህርት ከተራው ቆጠራ ቀጥሎ የሚመጣው አቡጊዳ ይህን ጉድለት ፈጥኖ ይገልጠዋል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል ከአንዱ ፊደል ግእዙን፥ ከሁለተኛው ካዕቡን፥ ከሦስተኛው ሣልሱን እየወሰደ በሰያፍ ስለሚሄድ በዜማ የተሸመደደው ሁሉ ይፈርሳል።

ይህ የዓይን ምርመራ ነው። እኛ ግን ዛሬ ልንናገርለት ያሰብነው ከዓይን በፊት ስለሚመጣው ስለ ጆሮ ምርመራ ነው። ጋይንት የዜማ አገር ነው፤ በቤተልሔም ድጓ፥ በዙር አምባም ዝማሬና መዋሥዕት ሲመሰከር የኖረበት ስለ ሆነ፤ በዚያ አገር ጆሮ ሊሠለጥን እንደሚችል ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልገንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንግግር ሲነገር ያለ መቋረጥ እንደ ውሃ ይፈስሳል። ሕፃኑ «ገበሬ» የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚታየው ሞፈርና ቀንበር የያዘ ሰው ነው እንጂ ቃሉ «ገ» «በ» «ሬ» ከሚባሉ ሦስት ድምፆች የተሠራ መሆኑን ማንም አልነገረውም፤ ለመናገርም ይህን ማወቅ አላስፈለገውም። ለማንበብ ግን ግድ ያስፈልገዋል። በጆሮው ያልከፈለውን ቃል በዓይኑ ፊደል እያደረገ ሊከፍለው አይችልምና። ብዙዎቹ ሕፃናት ይህን መክፈል በጨዋታ ጊዜ ከጓደኞቻቸው ይማሩታል። ልጆች የወፍ ቋንቋ እያሉ በየቃሉ ውስጥ ሌላ ድምፅ እየሰነቀሩ ሲነጋገሩ፤ ለአዋቂ ሰው ከንቱ ጫጫታ ቢመስልም፤ ቃልን ከፍሎ የማያውቅ ልጅ ያን ጨዋታ ሊጫወተው አይችልም። ጥቂቶቹ ግን ብልህና ተናጋሪ ሆነው ሳሉ ይህ መክፈል ይጠፋባቸዋል፤ በንባብ ወደ ኋላ የሚቀሩትም አብዛኛውን ጊዜ እነዚሁ ናቸው።

በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓመት በኢትዮጵያ በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ፈተና፤ በሁለተኛ ክፍል ካሉት ሕፃናት ብዙዎቹ ከቀላል ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ተስኗቸው ተገኝተዋል። እነዚህ ሁሉ የጆሮ ጉድለት ያለባቸው ናቸው ማለታችን አይደለም። ጉድለት ያለበት ልጅ ግን በዚያ ሕዝብ መካከል ተደብቆ እንደሚያልፍ የታወቀ ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ ማጨብጨብ ነው። መምህሩ ቃሉን ይናገራል፤ ልጁም በየቀለሙ አንድ ጊዜ እያጨበጨበ ይደግመዋል። «ጎጆ» ሁለት፥ «ዶሮ» ሁለት፥ «ባቄላ» ሦስት፥ «ጨረቃ» ሦስት፥ «ላሊበላ» አራት። በዚህ ላይ መምህራን የሚሳሳቱበት ነገር ስላለ ጥቂት እንዘግይ። «ቤት» የሚለው ቃል በጽሕፈት ሁለት ፊደል ነው፤ በጆሮ ግን አንድ ጭብጨባ ብቻ ነው፤ «በግ» እና «ልጅ» እንደዚሁ። ሳድስ አንዳንድ ጊዜ ድምፅ አልባ ሆኖ ከፊተኛው ፊደል ጋር ስለሚጣበቅ ነው። እንግዲህ ገና ፊደል ያልቆጠረ ልጅ «ቤት» ሲባል አንድ ጊዜ ቢያጨበጭብ ጆሮው ትክክል ሰምቷል፤ ፊደል የቆጠረውም ሁለት ጊዜ ቢያጨበጭብ ፊደሉን አስቦ ነውና አልተሳሳተም። መምህሩ ይህን ሳያስተውል አንዱን መትቶ ሌላውን ቢያመሰግን በደል ይሆናል። ስለዚህ ለምርመራ የሚመረጡት ቃላት እንደ «ዶሮ» እና እንደ «ባቄላ» ሳድስ የሌለባቸውና የማይጠብቁ ሊሆኑ ይገባል። የምንመርምርበትም ቃል ልጁ በቤቱ የሚያውቀው ይሁን፤ የስማዳ ሕፃን አይቶት የማያውቀውን ዕቃ ስም ብንሰጠው የምንፈትነው ጆሮውን ሳይሆን መንገደኛነቱን ነው።

ሁለተኛው እንግዳውን መለየት ነው። መምህሩ ሦስት ቃላት ቀስ ብሎ ይናገራል፤ «ዶሮ፥ ዶማ፥ ጎጆ»፤ በመነሻው ከሌሎቹ የማይገጥም የቱ ነው ብሎም ይጠይቃል። ቀጥሎ «ማሳ፥ ጣራ፥ ማሰሮ»፤ ቀጥሎም «ባቄላ፥ ጎጆ፥ ጎተራ»። እንግዳው ቃል ሁልጊዜ በመጨረሻ እንዳይመጣ ስፍራውን መለዋወጥ ያሻል፤ ልጆች ይህን ፈጥነው ይደርሱበታልና። ይህን የመሰለውን ምርመራ በኦክስፎርድ ብራድሊ እና ብራያንት የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ከ400 በላይ በሆኑ የአራትና የአምስት ዓመት ሕፃናት ላይ አድርገው፤ ልጆቹን ጥቂት ዓመታት ከተከታተሉ በኋላ ውጤቱን በ1983 ዓመት አሳትመዋል። በሕፃንነታቸው እንግዳውን ድምፅ የለዩት በኋላ በንባብ የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል።

ሦስተኛው መቀነስ ነው፤ እኛም ከሁሉ አብልጠን የምንወደው ይህን ነው። «ገበሬ» በል፤ አሁን ደግሞ «ገ»ን ትተህ በል። ልጁ «በሬ» ካለ ጆሮው ቃሉን ከፍሏል። «ከአሞራ» ላይ «አ» ሲቀነስ «ሞራ»፥ «ከጎተራ» ላይ «ጎ» ሲቀነስ «ተራ» ይቀራል። እዚህ ላይ የስሕተቱ ዓይነት ከስሕተቱ ቁጥር ይልቅ ያስተምራል። «ገበ» ብሎ የመለሰ ልጅ መቀነስ ማለት ምን እንደ ሆነ ገብቶታል፤ ያወጣው የኋለኛውን ነው፤ ዳግመኛ ቢነገረው ይቃናል። «ሞፈር» ወይም «እርሻ» ብሎ የመለሰው ግን ከቃሉ ፍቺ ሊለቅ አልቻለም፤ ድምፁን ገና አልሰማውም። እንዲህ ያለው መልስ በሦስት አራት ቃል ላይ ከተደጋገመ መምህሩ በደብተሩ ላይ ምልክት ያድርግ።

ከዚህ የረቀቀ ሌላ ደረጃ አለ። «ዶሮ» እና «ዳቦ» በመነሻቸው ምን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ ብንል፤ ከቀለም ወርደን ወደ ተነባቢው መግባታችን ነው። በፈረንጅ ፊደል ለሚማሩ ልጆች ይህ ከመጀመሪያው ያስፈልጋል። የእኛ ፊደል ግን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ አካል ይዞ ስለሚገኝ ቀለሙን የሰማ ልጅ ንባብ ሊጀምር ይችላል። በሕንድ አገርም ፊደሉ ከእኛ ፊደል ጠባይ ጋር በሚቀራረበው በካናዳ ቋንቋ ላይ ሶናሊ ናግ የምትባል ሊቅ በ2007 ባወጣችው ጥናት፤ ልጆች ቀለምን ቀድመው ሲለዩ ተነባቢን ነጥሎ መስማት ግን ዘግይቶ እንደሚመጣ አሳይታለች። ስለዚህ በአንደኛ ክፍል መጀመሪያ «ዶሮ» እና «ዳቦ»ን ያላገናኘ ልጅ ችግር አለበት ብሎ መጻፍ የሌላ አገርን መስፈሪያ ለራስ እህል እንደ መጠቀም ይሆናል።

አሠራሩን በምሳሌ ለማስረዳት፤ በእስቴ በአንድ ትምህርት ቤት 60 ሕፃናት የተቀመጡበት አንደኛ ክፍል አለ እንበል። መምህሩ ስድሳውን አንድ በአንድ ለመመርመር ጊዜ የለውም። በአንድነት ቢያስጨበጭባቸውም ደካማው ልጅ የጎረቤቱን እጅ እያየ ያጨበጭባልና ነገሩ ይሸፈናል። ስለዚህ መስከረምን ዝም ብሎ ልጆቹን ሲያለምድ ይቆይና፤ በጥቅምት በየቀኑ አምስት ደቂቃ ጨዋታውን በረድፍ በረድፍ እያደረገ ያስኬደዋል፤ ከየረድፉም ሁለት ሦስት ልጆችን ብቻቸውን እንዲመልሱ ይጠራል። በወሩ መጨረሻ ያጠራጠሩትን፤ አሥር ናቸው እንበል፤ ለብቻቸው ከዛፍ ጥላ ሥር እየጠራ ይመረምራል። ለእያንዳንዱ ጨዋታ ሁለት ቃል ለማስለመጃ፥ አምስት ቃል ለምርመራ ቢያደርግ አሥር ደቂቃ ይበቃል። በማስለመጃው ላይ ስሕተቱን ያርማል፤ በምርመራው ላይ ግን አያርምም፥ ፊቱንም አያጠቁርም።

ከአሥሩ መካከል አንድ ወንድ ልጅ ከአምስቱ ቃል አንዱን፤ አንዲት ሴት ልጅ ደግሞ ምንም ሳይመልሱ ቀሩ እንበል። በዚህ ቀን ማንም ስለ እነርሱ አንዳች አይፍረድ። መምህሩ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ሁለቱንም በጨዋታው ያለማምዳቸውና በአዳዲስ ቃላት እንደ ገና ይመረምራቸዋል። ልጅቷ አራቱን ብትመልስ ነገሩ እፍረት ወይም እንግድነት ኖሯል። ወንዱ ልጅ አሁንም በአንድ ላይ ከቆመ፤ ወደ ሌላው ጥያቄ መሄድ ይገባል። ከኋላው ቆሞ በዝግታ ስሙን ሲጠሩት ይሰማልን? ጆሮው መግል የሚያወጣ ልጅ ድምፅ አይለይምና ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ስንት ቀን ቀርቷል? ከብት ሲጠብቅ ወይም በአጨዳ ጊዜ ከእርሻ ሲውል የከረመ ልጅ ያጣው ትምህርት ነው። በ2021 በጋይንት በኩል ያለፈው ጦርነት፥ ከ2023 ወዲህም በክልሉ የተነሣው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ በዚህ ምክንያት ዘግይቶ የገባውን ልጅ ከሕመምተኛ ጋር መቍጠር ፍርደ ገምድልነት ነው። እነዚህ ሁሉ ተጠይቀው ምክንያት ካልተገኘ ያን ጊዜ ይህ ልጅ ለንባብ የተለየ እርዳታ ያስፈልገዋል ብሎ መጻፍ ይቻላል። ይህም ቢሆን የጥንቃቄ ቃል ነው እንጂ የደዌ ስም አይደለም።

እርዳታውም ከምርመራው የራቀ አይደለም። መምህሩ ከካርቶን ቆርጦ «ገ» «በ» «ሬ» የሚሉ ሦስት ፊደላት በልጁ ፊት ይደርድር፤ ቃሉንም አብረው ይናገሩት፤ ከዚያ ልጁ በገዛ እጁ «ገ»ን ያንሣና የቀረውን ያንብብ። በጆሮ ብቻ የጠፋው ነገር እጅና ዓይን ሲጨመሩበት ይጨበጣል። እነዚያ የኦክስፎርድ ሊቃውንትም ድምፅን ብቻ ከተለማመዱት ሕፃናት ይልቅ ድምፁን ከፊደል ቅርጽ ጋር ያዛመዱት የበለጠ እንደ ተጠቀሙ አግኝተዋል። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ በአንድ ሳምንትም ከሦስት ወይም ከአራት አዲስ ቃል አይለፍ። በቤት ያለች እናት ፊደል ባትለይም እንኳ ባቄላ ስትለቅም «ባቄላ ስንት ጭብጨባ ነው?» ብላ ልትጠይቀው ትችላለች።

መምህሩ በደብተሩ የሚጽፈው የልጁን ስም፥ ቀኑን፥ የተጠየቀውን ቃልና ልጁ የመለሰውን ቃል በቃል ነው። «አልቻለም» ብሎ መጻፍ አይበቃም። «ገበሬ ሲባል ሞፈር አለ» ብሎ የተጻፈው በሚያዝያ ከሚጻፈው ጋር ሲነጻጸር፤ ልጁ ምን ያህል መንገድ እንደ ሄደ ወይም በነበረበት እንደ ቆመ ለሁለተኛው ክፍል መምህር በግልጥ ያሳየዋል።