ኮት በጂንስ፤ ሆን ተብሎ እንዲመስል

ሰርጉ ላይ የለበሰውን ጠቆር ያለ ግራጫ ሙሉ ሱፍ ቁም ሳጥን ውስጥ የሰቀለ አንድ ወጣት እናስብ። ለእራት ግብዣ ሲወጣ ኮቱን ብቻ ያወርድና በነጭ ከነቴራና በሰማያዊ ጂንስ ላይ ይደርበዋል። ሦስቱም ልብሶች ንጹሕ ናቸው፤ ልኩም አልሳተም። መስታወት ፊት ሲቆም ግን ሱሪው ላውንደሪ የቀረበት ሰው ይመስላል። ችግሩ የሚጀምረው ከኮቱ ነው።

የሙሉ ሱፍ ኮት የሚሰፋው ከሱሪው ጋር እንዲታይ ታስቦ ነው። ክሩ ቀጭን፣ ገጹ ለስላሳ ስለሆነ ብርሃን ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። ትከሻው በስፖንጅ ተደግፎ ቀጥ ብሏል፤ ቁመቱም መቀመጫን ይሸፍናል። ጂንስ በተቃራኒው ወፍራም፣ ሻካራና ብርሃን የማይመልስ ጨርቅ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ዓይን ወዲያው የጎደለውን ሱሪ ይፈልጋል። ኮቱ ላይ ቀጭን መስመር ካለበትማ ጭራሽ መደበቂያ የለውም።

ለብቻው እንዲለበስ የተሰፋ ኮት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሚላኑ ዲዛይነር ጆርጂዮ አርማኒ የወንዶችን ኮት ከውስጥ ፈትቶ ስፖንጁን ቀነሰ፣ ገበሩንም አሳሳ። ኮቱ ያን ጊዜ እንደ ሹራብ ትከሻ ላይ ለጠፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 በጀመረው «ማያሚ ቫይስ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ዶን ጆንሰን እንዲህ ያለውን ለስላሳ ኮት በከነቴራ ላይ ደርቦ ሲታይ አለባበሱ በዓለም ተዛመተ። አርማኒ ራሱም ብዙ ጊዜ ይታይ የነበረው በጥቁር ሰማያዊ ከነቴራ ነው።

ታዲያ ወጣቱ ገበያ ወጥቶ ምን ይፈልግ? መጀመሪያ ጨርቁን በመስኮት ብርሃን ይየው። ሁለት እርምጃ ርቆ የክሩ ሽመና በዓይን የሚለይ ከሆነ ጂንስን ይችላል። ቀጥሎ ትከሻውን በጣቶቹ ይጫነው፤ ወፍራም ስፖንጅ ካገኘ ይመልሰው። ከውጭ የተለጠፈ ኪስ ጥሩ ምልክት ነው፤ ቡናማ ወይም ደብዘዝ ያለ ቁልፍም እንዲሁ። የድሮውን ኮት ቁልፍ ማስቀየር ቀላል ሥራ ስለሆነ ብዙዎች ይሞክሩታል፤ ትከሻውና ገጹ ግን ያው ስለሚሆኑ እምብዛም አይረዳም። ማሳጠርም ገደብ አለው። ከሁለት ሴንቲ ሜትር አካባቢ በላይ ከተቆረጠ ኪሶቹ ወደ ጠርዙ ተጠግተው የኮቱ ሚዛን ይፋለሳል።

ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ ቀለም ላይ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ኮት ከጥቁር ሰማያዊ ጂንስ ጋር ሲለበስ ሙሉ ሱፍ ለመምሰል ሞክሮ ያልተሳካለት ይመስላል። ልዩነቱ ሰፋ ብሎ መታየት አለበት፦ ቡናማ ወይም ግራጫ ኮት ለጠቆረ ሰማያዊ ጂንስ፣ ሰማያዊ ኮት ደግሞ ለግራጫ ወይም ፈካ ላለ ጂንስ ይሄዳል። ዓይኑን ያላመነ ሰው በስልኩ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ይነሳ፤ በፎቶው ላይ ኮቱና ጂንሱ አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ አንዱን ይቀይር። ጂንሱ ያልተቀደደ፣ ጭኑ ላይ ያልነጣና ቁርጭምጭሚት ላይ የማይከመር መሆኑም ይታይ።

ከነቴራው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሸሚዝ የሚሠራውን ሥራ ግን የሚረከበው እሱ ነው። ሸሚዝ ኮሌታው የአንገትን ዙሪያ ይሞላል። ከነቴራ ያንን ስለማይሞላ የኮቱ ኮሌታ ከኋላ አንገት ላይ መለጠፍ አለበት፤ ክፍተት ካለ ከሩቅ ይታያል። ጨርቁ ወፈር ያለ ቢሆን፣ በካሬ ሜትር ወደ 200 ግራም የሚመዝን፣ ደረት ላይ አይጣበቅም፣ ከሥር ያለውንም አያሳይም። አንገቱ የላላ ከነቴራ የቀረውን ሁሉ ያበላሻል። ርዝመቱም ከኮቱ ጫፍ በታች ብቅ ማለት የለበትም፤ ዳሌ ላይ ቢቆም ይበቃል።

የእጅጌው ርዝመትም በዚሁ ምክንያት ይለወጣል። ከኮት እጅጌ ሥር ብቅ የሚል የሸሚዝ ጠርዝ ስለሌለ የኮቱ እጅጌ የእጅ አንጓ አጥንት ላይ ማብቃት አለበት። ባዶ ክንድ ገበሩን በቀጥታ ስለሚነካ ፖሊስተር ገበር በሙቀት ቀን ይጣበቃል፤ ቪስኮስ ይሻላል። የአንገት ላብና ቅባትም የሚያርፈው ኮሌታው ላይ ነው። ኮቱን አውልቆ ወዲያው ቁም ሳጥን ከመክተት ይልቅ ሌሊቱን ውጭ ሰቅሎ ማናፈስ፣ ኮሌታውን ደግሞ በብሩሽ መጥረግ ዕድሜውን ያራዝመዋል።

ጫማውን በተመለከተ ቀላል የቆዳ ጫማ ወይም ጌጥ የሌለው የቆዳ ስኒከር ይበቃል። ወፍራም ሶል ያለው ደማቅ የሩጫ ጫማ ግን ኮቱን ከላይ፣ ስፖርቱን ከታች አድርጎ መልኩን ለሁለት ይከፍለዋል።