የ12ኛ ክፍል ሒሳብ አስጠናለሁ፤ ከመመዝገብዎ በፊት ግን ይህን ያንብቡ

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብ አስጠናለሁ። በየመብራት ምሰሶው እንደሚለጠፉት ወረቀቶች ግን ይህን ያህል ውጤት ይመጣል ብዬ ቃል አልገባም። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናውን ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት መካከል አስጠኚ የተቀጠረላቸው ጥቂት አይመስሉኝም።

በመጀመሪያው ቀን አላስተምርም፤ አንድ ጥያቄ ሰጥቼ አያለሁ። x ወደ 3 ሲጠጋ የ(x² − 9)/(x − 3) ሊሚት ስንት ነው? ብዙዎቹ 6 ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ወረቀታቸውን ሳይ ግን አንዳንዶቹ x²ን ለx፣ −9ን ለ−3 ለየብቻ አካፍለው x + 3 ጽፈዋል። እንዲህ ማካፈል አይቻልም። ትክክለኛው መንገድ የላይኛውን (x − 3)(x + 3) ብሎ ፋክተር ማድረግ፣ ከዚያም የጋራውን x − 3 ማጥፋት ነው። ሁለቱም x + 3 ላይ መድረሳቸው የዚህ ጥያቄ አጋጣሚ ነው። በምርጫ ፈተና ደግሞ ሠሪው ወረቀቱን አያሳይም፤ ስህተቱ ማርክ ይዞ ያልፋል።

ስለዚህ የላይኛውን ወደ x³ − 27 እቀይረዋለሁ። በዚያው የተሳሳተ መንገድ የሄደ ተማሪ x² + 9 ያገኝና 18 ይላል። መልሱ ግን 27 ነው፤ ፋክተር ሲደረግ የሚቀረው x² + 3x + 9 ነውና። የማያምነኝ ካለ በx ቦታ 4 ያስገባ፤ ዋናው ክፍልፋይ 37 ሲሆን የእሱ x² + 9 ግን 25 ይሆናል። ካልኩሌተር በማይገባበት ፈተና ይህችን ማረጋገጫ መልመድ ብዙ ይጠቅማል።

ይህ ተማሪ ሊሚት አልገባኝም ይላል እንጂ የጎደለው የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እዚያው ላይ እናሳልፋለን፤ በእነዚያ ሳምንታት የትምህርት ቤት ውጤቱ ላይንቀሳቀስ ይችላል። «ልጄ ክፍል ውስጥ ዴሪቬቲቭ ደርሷል፣ አንተ ገና ፋክተር ታደርጋለህ?» ብለው የሚደውሉ ወላጆች አሉ። አልቀየማቸውም፣ ግን ሐሳቤን አልለውጥም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ከመስከረም ወይም ከጥቅምት ለሚጀምር ነው። ሚያዝያ ላይ ለሚመጣ አዲስ ምዕራፍ አልከፍትም፤ በከፊል የሚያውቀውን መርጠን እናጠነክራለን። ያንን ያህል ብቻ እንደምሠራም ገንዘብ ሳልቀበል እነግረዋለሁ።

በአንድ ጊዜ ከአራት በላይ አልይዝም፤ የእያንዳንዱን እጅ ጽሑፍ ማየት አለብኝና። የፈተና ጥያቄ ወጥቷል የሚል ወሬ ይዞ የሚመጣ ጊዜውን አያባክን። ለመጀመሪያው ቀን አጋዥ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልግም። የታረሙ የፈተና ወረቀቶችን፣ በተለይ የተሳሳቱትን፣ ስርዝ ድልዛቸው እንዳለ ይዛችሁ ኑ።