«መቼ ትልካላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም

ከቻይና የውኃ ፓምፕ ያዘዘ አስመጪ «ዕቃዬ መቼ ይላካል?» ብሎ ኢሜይል ቢጽፍ፣ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው መልስ «በወሩ መጨረሻ» የሚል ነው። በዚህ መልስ ላይ ምንም ማቀድ አይቻልም። ፋብሪካው ዕቃውን ከመጋዘን የሚያወጣበትን ቀን እየነገረው ሊሆን ይችላል፤ ባንኩ የሚያየው ግን ዕቃው መርከብ ላይ ተጫነ ተብሎ በቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ የሰፈረውን ቀን ነው።

እንበልና ኤልሲው የመጨረሻውን የመጫኛ ቀን ኦክቶበር 31 ይለዋል። ፓምፖቹ ኦክቶበር 24 ያልቃሉ፤ መርከቧ ከኒንግቦ የምትነሣው ኦክቶበር 29 ነው። በመሃል ያለው ትርፍ ሁለት ቀን ብቻ ነው። መርከቧ ሞልታ ኮንቴይነሩ ለሚቀጥለው ሳምንት ቢተላለፍ፣ የመጫኛው ቀን ኖቬምበር 5 ይሆንና ሰነዱ ከኤልሲው ጋር ይጋጫል። ያኔ ባንኩ ሰነዱን ላለመቀበል መብት አለው። ጉዳዩ እስኪፈታ ዕቃው ጅቡቲ ሊደርስ ይችላል፤ ኦሪጅናል ሰነድ ሳይያዝ ደግሞ ማስለቀቅ አይቻልም፣ የወደብ ኪራዩም ይቆጥራል።

ስለዚህ ላኪውን ሦስት ቀኖች ለይቶ መጠየቅ ይሻላል፤ ምርቱ የሚያልቅበትን፣ ኮንቴይነሩ ወደብ መግባት ያለበትን የመጨረሻ ቀን፣ መርከቧ የምትነሣበትን። መርከብ መያዙን የሚያሳየውን የቡኪንግ ማረጋገጫ ቅጂም አብሮ ይላክ። ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፍ፤ 05/10 ለአንዱ ኦክቶበር 5፣ ለሌላው ሜይ 10 ነው። ቀኖቹ ጠባብ ከሆኑ ኤልሲውን ማሻሻል የሚገባው ዕቃው ሳይጫን ነው፤ ለዚህም የላኪው ፈቃድ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው የሰነዶቹ ረቂቅ ነው፤ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግና የስሪት አገር ሰርተፊኬት። አራቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ማንበብ ያስፈልጋል። ፓኪንግ ሊስቱ ጠቅላላ ክብደቱን 8,640 ኪሎ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ 8,460 ኪሎ ካሉ፣ የሁለት አሃዝ መገለባበጥ ብቻ ቢሆንም ባንክም ጉምሩክም ጥያቄ ሊያነሡበት ይችላሉ። ረቂቅ እያለ ስሕተቱ በአንድ መልእክት ይታረማል። ኦሪጅናሉ ከወጣ በኋላ ግን ወደ መርከብ ድርጅቱ ተመልሶ፣ ተከፍሎበት ነው የሚስተካከለው።

የታሪፍ ቁጥሩን ግን ላኪው የጻፈውን እንዳለ አትውሰዱ። የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች ዓለም አቀፍ ናቸው፤ ቀሪዎቹን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይወስናቸዋል፣ የቀረጡ ልክም በእነሱ ሊለያይ ይችላል።

ሰነዶቹ ለባንክ የሚቀርቡበትንም ቀን አስረግጡ። ኤልሲው ሌላ ካላለ፣ ዓለም አቀፉ ደንብ ለላኪው የሚሰጠው ከመጫኛው ቀን በኋላ 21 ቀን ነው፤ ያውም ኤልሲው ጊዜው ሳያልፍ።

እናም ረቂቁን «ተስማምቻለሁ» ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ለትራንዚተራችሁ አሳዩት።